የመስከረም 1 ጽሑፍ፦ ከእንኳን አደረሳችሁ በታች ዋጋ መጻፍ

ነሐሴ 18

የአዲስ ዓመቱን መልእክት ዛሬ ጀመርኩ። የምሠራው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው በሚያመላልስ አነስተኛ የጀልባ ድርጅት ውስጥ ነው። ትኬት እቆርጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ የፌስቡክ ገጹንና የቴሌግራም ቻናሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት ገብተው «ለእንቁጣጣሽ ጥሩ የመልካም ምኞት ጽሑፍ አዘጋጂ፤ ቅናሹንም አብረሽ አስገቢው» አሉኝ።

የየቀኑን ሥራ እንዲህ መመዝገብ የጀመርኩት በፋሲካው ምክንያት ነው። ሚያዝያ 12 ጠዋት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብለን ጀምረን፣ መስመር እንኳ ሳንለውጥ «የ30 በመቶ ቅናሽ» ብለን ለጠፍን። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም፤ ሌላውም ድርጅት እንደዚያው ይጽፋል። በማግስቱ የዘወትር ተሳፋሪያችን የሆኑ አንዲት እናት ወደ ትኬት መስኮቱ መጡ። «ልጄ፣ ሁለት ወር ጾመን የምንጠብቀውን ቃል ለጀልባ ዋጋ መንደርደሪያ አደረጋችሁት?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ዝግ ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉን ያን ቀን አነሳሁት፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ስለዚህ የዚህ ዓመቱን ከወዲሁ ጀመርኩ። ለመስከረም 1 ሁለት ሳምንት ከአራት ቀን ያህል አለኝ።

ነሐሴ 19

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሆን ብዬ እንደ ልማዱ ጻፍኩት፤ የሚያምመው ምኑ ላይ እንደሆነ ለማየት ነው።

«እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን ምክንያት በማድረግ ለውድ ደንበኞቻችን ያዘጋጀነውን ታላቅ የበዓል ስጦታ እንካችሁ! ወደ ዘጌ ገዳማት በ25 በመቶ ቅናሽ ይዝናኑ! መቀመጫ ሳያልቅ አሁኑኑ ይደውሉ፤ ዕድሉ አያምልጥዎ!»

አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩትና ቀኑን ሙሉ ትኬት በቆረጥኩ ቁጥር አየው ጀመር። መጀመሪያ የታየኝ የሰዋስው ጉዳይ ነበር። «አደረሳችሁ» ብዬ ብዙዎችን አናግሬ፣ ከሁለት መስመር በኋላ «ይደውሉ»፣ «አያምልጥዎ» ብዬ ወደ አንድ አንቱ የሚባል ሰው ዞሬያለሁ። ይህ የቃል አለመስማማት ብቻ አይደለም። ምኞቱን የተናገረው አንድ ሰው፣ ሽያጩን የተናገረው ሌላ ሰው መሆኑን ያሳብቃል። ከላይ ያለው ከጎረቤት የተሰማ ነው፤ ከታች ያለው ከማስታወቂያ የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው «በዓሉን ምክንያት በማድረግ» የሚለው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በሬዲዮ ስለሰማነው ጆሯችን ለምዶታል። ቃል በቃል ስናየው ግን በዓሉ ለቅናሹ ምክንያት ሆነ ማለት ነው፤ የእኛን ሸቀጥ እየተሸከመ ነው። ምኞቱንና ዋጋውን የሚሰፋው መርፌ ይህ ሐረግ ነው። ሌላውን ሁሉ ባሳምረው እርሱ ከቆየ ያ ስፌት አይለቅም።

ነሐሴ 21

ትናንትና ዛሬ «ስጦታ» በሚለው ቃል ላይ ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን ቃሉን ይወዱታል፤ «ሰው ስጦታ ሲባል ደስ ይለዋል» አሉ። እኔ ደግሞ ስጦታ መሆን አለመሆኑን በወረቀት እንየው አልኩ። ቁጭ ብለን አሰላነው።

ወደ ዘጌ ደርሶ መልስ አንድ መቀመጫ 800 ብር ነው። ጀልባዋ የምትይዘው 12 ሰው ነው። በክረምቱ አማካይ ተሳፋሪያችን 7 ሰው ነበር፤ 5,600 ብር ማለት ነው። ነዳጁ፣ የካፒቴኑና የረዳቱ አበል፣ የወደቡ ክፍያ ተደምሮ በአንድ ጉዞ ወደ 4,200 ብር ይወጣል። ሰባት ሰው ቢሳፈር አሥራ ሁለት፣ ይህ ወጪ ያው ነው። መቀመጫውን ወደ 600 ብናወርደውና 12ቱ ቢሞሉ 7,200 ብር እናገኛለን። በ600 ብር ሰባት ሰው ከተሳፈረ ደግሞ 4,200 ነው፤ ወጪያችንን ሸፍነን እንመለሳለን።

እንግዲህ ጀልባዋ ከሞላች ከወትሮው የበለጠ እናተርፋለን። ይህ ነውር የለውም፤ ድርጅት ነን። ግን የምናተርፍበትን ነገር ስጦታ ብለን መጥራት አንችልም። በእኛ አገር ስጦታ መልስ የማይጠየቅበት ነገር ነው፤ በእንቁጣጣሽ ልጆች የሳሉትን ሥዕል ይዘው ሲመጡ እንኳ ብር የምንሰጣቸው ዋጋ ብለን አይደለም። ሥራ አስኪያጃችን ስሌቱን ደጋግመው አዩና «በይ ‹ቅናሽ› በይው» አሉ። እኔ «ቅናሽ» የሚለውንም ቃል አውጥቼ ሁለቱን ዋጋ ብቻ ለማስቀመጥ ጠየቅኩ፦ 600 ብር፣ የወትሮው 800። አንባቢው ራሱ ይቀንሰው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ «የወትሮው 1,000 ብለሽ ጻፊው፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል» የሚል። ከቢሮ ሠራተኛ የመጣ ነው፣ ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። 1,000 ብር አስከፍለን አናውቅም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ከአዋጁ በፊት ግን ከተማው ትንሽ ነው። በሐምሌ 800 ከፍሎ የሄደ ሰው ትኬቱ ኪሱ ውስጥ አለ።

ነሐሴ 24

ወደ ወደቡ ወርጄ ካፒቴኑን አማከርኩ። ጣና በዚህ ሰሞን ሞልቷል፤ ደራሽ የሚያመጣው አፈር ዳሩን ቡናማ አድርጎታል፣ ደንገሉም እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ነው። ካፒቴኑ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን የዝናብ ውኃ በጣሳ እየቀዱ ነበር።

«ጋሼ፣ መስከረም 1 ቅናሽ ብናደርግ ሰው ይመጣል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መስከረም 1 እኔስ የት ነኝ?» አሉኝ።

ጣሳውን አስቀምጠው አስረዱኝ። በዓሉ ዕለት ሰው ቤቱ ነው፤ ዶሮው ይወጣል፣ ጎረቤት ይጠራራል፣ ቡናው ሦስቴ ይፈላል። ጀልባ የሚፈልግ ከተገኘም ለጥቂት ሰው ሲባል እርሳቸውም ረዳታቸውም ከልጆቻቸው ተነጥለው ይውላሉ። ደግሞ እስከ በዓሉ ድረስ የሰው እጅ ባዶ ነው፤ ቅቤና ሽንኩርት፣ በጉ፣ ከዚያ ወዲያ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይከተላል። «ያን ጊዜ ‹ፈጥነህ ካልመጣህ› ስትይው ከልጁ ደብተር ላይ እየቀነስሽ ነው» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ሥራውን ሁሉ ቀየረው። እኔ እስካሁን ስታገል የነበረው ከቃላቱ ጋር ነው፤ ትልቁ ነገር ግን ቀኑ ነበር። ቅናሹ ከበዓሉ በኋላ ቢጀምር «ዛሬውኑ» ማለት አያስፈልገኝም። በዓሉ በራሱ ያልፋል፣ ሰው ያርፋል፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ የት እንሂድ ይላል። የእኛ ነገር የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

መስከረም 1 ዘንድሮ ሐሙስ ይውላል። ስለዚህ መስከረም 3 እና 4፣ ቀጥሎም 10 እና 11፣ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ። ከዚያ በኋላ አናራዝምም፤ መስከረም 16 ደመራ ስለሆነ እዚያ በዓል ላይ መደረብ አልፈለግሁም።

ጀልባዋ በሰንበትም ጠዋት 2:00 ትነሳ ብዬ ጽፌ ነበር። ካፒቴኑ እሱንም አረሙኝ፦ «እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ማንን ልትጭኚ ነው?» እሑድን 3:30 አደረግሁት። ከዚያ በላይ ማዘግየት ግን አይቻልም፤ ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ላይ ይከብዳል። ልጆችና አዛውንት ይዘን ነው የምንመለሰው።

ነሐሴ 27

ዛሬ የላይኛውን ክፍል፣ ምኞቱን ብቻ ጻፍኩ። ከታች ዋጋ እንደሚመጣ ረስቼ ለመጻፍ ሞከርኩ።

«እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ያደረሰው ማን ነው? ፈጣሪ ነው። ድርጅቱ አላደረሰም፤ ድርጅቱ ያደረሰ ካለ ዘጌ ድረስ ነው። ስለዚህ «ድርጅታችን እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት የሚሻለው ድርጅቱን ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣት ነው። ስማችን ከገጹ አናት ላይ ተጽፏል፤ ምኞቱ ውስጥ መደገም የለበትም። አባባሉ ጊዜም አለው። ቀኑ ሳይደርስ የምንለው «በሰላም ያድርሰን» ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ቀኑ ከደረሰ በኋላ ነው። ከጳጉሜን በፊት «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ የለጠፈ ድርጅት የቸኮለው ለሽያጩ መሆኑን ሰው ወዲያው ያውቅበታል።

«ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚለው ሌላው ሐሳብ ነበር። ያምራል፣ ትክክልም ነው። 5500ን ከ2018 ደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ማርቆስ ነው። (ባለፈው ዓመት የተቀመጠ ፋይል ቀድቶ ወንጌላዊውን የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ስሌቱ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።) ግን ረዳት ካፒቴናችን ሙስሊም ነው፤ ከተሳፋሪዎቻችንም ብዙ ሙስሊሞች አሉ፤ በዚሁ ሰሞን መውሊድ አለባቸው። አዲስ ዓመት የሁላችንም ነው፤ ዘመነ ማርቆስ ግን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው። በራሴ ገጽ ብጽፈው ደስ ይለኛል። በድርጅቱ ገጽ ላይ ግን ረዳቱ ራሱን ማየት አለበት። ተውኩት።

በመጨረሻ ሐዘን ያለበት ቤት ትዝ አለኝ። በዚህ ዓመት ብዙ ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። «ደስታ የተሞላበት በዓል» የሚለው መስመር ለእነርሱ ምን ይላል? መስመሩን አወጣሁና በምትኩ ለእነርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ።

ነሐሴ 29

ፎቶ። ከዚህ በፊት ያስቀመጥኩት አንድ አለ፤ የሠፈራችን ትንንሽ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው «አበባየሆሽ» ሲሉ ያነሳሁት ነው። ያምራል። ከሥሩ 600 ብር የሚል ሊጻፍ መሆኑን ሳስብ ግን እጄ አልሄደም። ልጆቹ የዘፈኑት ለጎረቤት ነው፤ እናቶቻቸውም ፊታቸው ለጀልባ ማስታወቂያ ይውላል ብለው አልፈቀዱልኝም። የገዳም ሥዕል ማድረግም አልፈለግሁም፤ የውራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ሰው የሚጸልይበት ነው።

ጎህ ሲቀድ ወደ ወደቡ ሄድኩ። ካፒቴኑ ከባለቤታቸው የተላከ አንድ እቅፍ ቄጠማ ይዘው ነበር። የጀልባዋን አግዳሚ ላይ ዘርግተነው፣ እኔ ከመንገድ ዳር የለቀምኩትን ጥቂት አደይ አናቱ ላይ አኖርኩ። አደዩ ገና አብቦ አልጨረሰም፤ ግማሹ እምቡጥ ነው። ከኋላ የሚታየው ጣና ብቻ ነው። ሰው የለበትም፣ ዋጋ የለበትም፣ በፎቶው ላይ ምንም ጽሑፍ አልጻፍኩም። ይህን ሳደርግ አንድ ነገር አሰብኩ፦ ፎቶውን ብቻ ለእናቱ መላክ የሚፈልግ ሰው ካለ የእኛን ማስታወቂያ አብሮ መላክ የለበትም።

ጳጉሜን 2

ሁለቱን ክፍሎች አንድ ገጽ ላይ አመጣኋቸው። ለራሴ አንድ መፈተኛ ይዣለሁ። የታችኛውን ክፍል በእጄ ሸፍኜ የላይኛውን አነባለሁ፤ ሙሉ ሰላምታ ከሆነ ደህና ነው። ቀጥሎ የላይኛውን ሸፍኜ የታችኛውን አነባለሁ፤ በዓል ሳይጠራ ለሰው የሚጠቅም መረጃ ከሆነ እሱም ደህና ነው። አንዱ ካለ ሌላው መቆም ካቃተው ግን አንዱ ሌላውን ተደግፏል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚደገፈው ሽያጩ ነው።

የነሐሴ 19ኙን ረቂቅ በዚህ ፈተንኩት። ታችኛውን ስሸፍነው የቀረው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ምኞት የለም፣ ለማንም የተባለ ነገር የለም። ላይኛውን ስሸፍነው ደግሞ ቀን የለ፣ ሰዓት የለ፣ ብር የለ፤ «ታላቅ» እና «አያምልጥዎ» ብቻ። ሁለቱም ባዶ ነበሩ።

አሁን ያለው ይህ ነው፦

«እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ክረምቱን በዝናብ በጭቃ አብራችሁን ለተጓዛችሁ ሁሉ እናመሰግናለን። ዘመኑ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። በዚህ ዓመት ሰው ላጣችሁ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጣችሁ። ከዓመት ዓመት ያድርሰን።

ዛሬ ጀልባዎቻችን አይሠሩም፤ ሠራተኞቻችን ከቤተሰባቸው ጋር ናቸው።

 

ከበዓሉ በኋላ ወደ ዘጌ መሄድ ለምትፈልጉ፦ መስከረም 3፣ 4፣ 10 እና 11 ደርሶ መልስ 600 ብር ነው (የወትሮው 800)። ቅዳሜ ጠዋት 2:00፣ እሑድ ጠዋት 3:30 እንነሳለን። በየቀኑ አንድ ጀልባ፣ 12 መቀመጫ ብቻ ነው። የገዳም መግቢያ ለብቻ ይከፈላል። ከመስከረም 2 ጀምሮ መደወል ትችላላችሁ።»

ስለ አንዳንዱ መስመር ልጻፍ። «12 መቀመጫ ብቻ» የሚለው ሰውን ለማጣደፍ የገባ አይደለም። ዋጋ ሲቀንስ ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ «አንድ ሰው ብንጨምር ምን አለበት» የሚል ይመጣል፤ ያለን ላይፍ ጃኬት ግን ለ12 ተሳፋሪ የሚበቃ ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ ከተጻፈ ካፒቴኑ ወደቡ ላይ ከማንም ጋር አይጨቃጨቁም። «ከመስከረም 2 ጀምሮ» ያልኩት በበዓሉ ዕለት ማንም ስልክ ይዞ እንዳይቀመጥ ነው፤ እኔም ጭምር። «ገዳማትን ይዝናኑ» የሚለው ጠፍቷል፤ የምንወስደው ወደ ዘጌ ነው፣ እዚያ ደርሶ የሚጸልይ ይጸልያል፣ ቡና ጫካው ውስጥ የሚንሸራሸርም ይንሸራሸራል። ዘጌን የመረጥኩት ውራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ስለሚገቡ ነው፤ ክብራን ገብርኤልን ብናደርግ ከመጣው ቤተሰብ ግማሹ ጀልባ ላይ ይቀራል።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ባዶ መስመርም ሥራ አለው። «በዓሉን ምክንያት በማድረግ» ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ሲጥል የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ሊጠመቁ ወጡ። ሥራ አስኪያጃችን ጽሑፉን አነበቡና ሁለት ጥያቄ አነሱ።

አንደኛው «ዛሬ አንሠራም» የሚለው ነው። «ሰው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ዝግ ነን ብለን እናስታውቅ?» አሉ። እኔ ደግሞ ሳናስታውቅ ብንዘጋ ወደቡ ድረስ መጥቶ የሚመለስ ሰው ይኖራል አልኳቸው። ያ መስመር ከሁሉ በላይ የምወደው ነው። ለአንባቢው በዓሉ የእኛም መሆኑን የሚነግረው እሱ ነው፤ ምኞቱ ከልብ ነው ብለን ከመማል ይሻላል። ዝም አሉ፤ ቆየት ብለው «ይሁን» አሉ።

ሁለተኛው ስለ ዋጋው ቦታ ነው። ፌስቡክ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይቆረጥና ቀሪውን ለማየት መጫን ያስፈልጋል፤ ዋጋው የሚደበቀው ከዚያ ሥር ነው። «ማን ያየዋል?» አሉ። እውነት ነው፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያየው። እኔ የምለው ሰላምታውን ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው ምንም አልቀረበትም፤ ዘጌ መሄድ የሚፈልገው ይጫናል። ለሽያጩ ደግሞ መስከረም 2 ለብቻው፣ ያለ ሰላምታ፣ የሰዓትና የዋጋ ማስታወቂያ አወጣለሁ ብዬ ተስማማን። ቴሌግራም ላይ ይህ ችግር የለም፤ ከፎቶ ሥር እስከ 1,024 ፊደል ይቀበላል፣ የእኛ ከዚያ በታች ነው።

ጳጉሜን 4

የህዳሴ ግድብ ዛሬ ተመረቀ። ከተማው ሁሉ ስለ ዓባይ ነው የሚያወራው። ዓባይ የሚወጣው ከእኛ ወደብ ብዙም ሳይርቅ ነውና ከቢሮው «እሱንም ጨምሪው» ተባልኩ። ደስታው ደስታዬ ነው። ግን በአንድ ጽሑፍ ሁለት ታላቅ ነገር ጠርተን ከሥሩ የጀልባ ዋጋ ብናስቀምጥ ሁለቱንም ለዋጋው ማሳመሪያ አደረግናቸው ማለት ነው። ለግድቡ የሚሆን ቃል ካለን ለብቻው፣ ያለ ዋጋ እንለጥፈዋለን። አንድ መስመር ጽፌ ማታውኑ ለጠፍኩት።

ጳጉሜን 5

ጽሑፉን በሰዓቱ እንዲወጣ አስቀድሜ ሞላሁት። ልሳሳት ነበር። የሁለት ዓመት በፊቱን ፋይል ከፍቼ ቀኑን ሴፕቴምበር 12 ብዬ ሞላሁ። የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው ያን ቀን ነው፤ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች። የዘንድሮዋ ጳጉሜን አምስት ናት፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው። ባላየው ኖሮ ሰላምታው መስከረም 2 ወጥቶ «ዛሬ ጀልባዎቻችን አይሠሩም» ይል ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 1:00 ኮምፒውተሩ ላይ `7:00 AM` ነው። ከረዳቱ ጋር ሁለታችንም አይተን አረጋገጥን። እኩለ ሌሊት ላይ መልቀቅ አልፈለግሁም፤ ሰው ተነስቶ ቄጠማው ከተጎዘጎዘ በኋላ ይድረሰው።

መስከረም 2

ትናንት ስልኬን አልነካሁም። ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ከሥሩ የተጻፈው አብዛኛው «አሜን»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። አንዲት ሴት «በሐምሌ እናቴን ቀብሬ ነው፣ ስላስታወሳችሁን እናመሰግናለን» ብላለች። ያን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ጉድለትም ተገኘ። አንድ አባት «ስድስት ነን፣ ሦስቱ ልጆች ናቸው፣ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ስለ ልጆች ምንም አልጻፍኩም! ከበዓል በኋላ የሚሄደው ቤተሰብ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ፣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ረሳሁት። ካፒቴኑን ጠየቅኩ፤ ልጅ በጭን አይያዝም፣ የራሱ መቀመጫና የራሱ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ያስፈልገዋል አሉ። ሥራ አስኪያጃችን ግማሽ ዋጋ ፈቀዱ። ትናንት የወጣውን ሰላምታ ሳልነካ፣ ዛሬ በወጣው የዋጋ ማስታወቂያ ላይ «ልጆች 300 ብር፣ እያንዳንዱ በራሱ መቀመጫ» ብዬ ጨመርኩ፣ ለአባትየውም እዚያው መለስኩላቸው።

መስከረም 11፣ ማታ

አራቱ ጉዞዎች አለቁ። መስከረም 3 አምስት ሰው ብቻ መጣ፤ ሁሉም አዋቂ ነበሩ። 3,000 ብር ገብቶ 4,200 ወጣ። «እንሰርዘው?» ተብሎ ነበር፤ ሰዓቱን ጽፈን አስታውቀናልና ካፒቴኑ በሰዓቱ ተነሱ። መስከረም 4 ሞላ፣ 12። ከዚያ 9፣ ዛሬ 11። በድምሩ 37 ሰው፣ ከእነርሱ 6 ልጆች። የገባው 20,400 ብር፣ የወጣው 16,800። ለሥራ አስኪያጃችን 3,600 ብር ትርፍ ብዬ ጻፍኩላቸው። በወትሮው ዋጋና በሰባት ሰው ቢሆን 5,600 ይተርፍ ነበር፤ ይህንንም አብሬ ጻፍኩት። ቅዳሜ መስከረም 3 ላይ መጀመሬ ስህተት ይመስለኛል፤ ሰው ገና የበዓሉን እንግዳ አልሸኘም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሳምንት ዘግይተን እንጀምራለን።

ዛሬ ከጀልባዋ ከወረዱት መካከል የፋሲካዋ እናት ነበሩ፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው። «እትዬ፣ እንኳን አደረስዎ» አልኳቸው። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለው ሳሙኝ፤ ስለ ጽሑፉ አላነሱም። ትንሹ ልጅ ላይፍ ጃኬቱን አላወልቅም ብሎ መንገድ ዳር ድረስ ለብሶት ሄደ፣ ረዳቱ ተከትሎ ተቀበለው።

ለመስቀል የምናወጣውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሁለት መስመር ነው፣ ዋጋ የለበትም። ቀኑን ሴፕቴምበር 27፣ ሰዓቱን `7:00 AM` ብዬ ሞልቻለሁ፤ ረዳቱ ነገ ያይልኛል።